ንግግር ሲዘገብ ግሡ ወደ ኋላ ይሄዳል ወይ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የ8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ምልልስ ሰጥቼ ወደ ኢቀጥተኛ ንግግር እንዲቀይሩ ሳዝዛቸው ተማሪዎቼ በየግሡ ላይ ‹ነበር› ይጨምራሉ፤ ‹ነገ›ን ደግሞ እንዳለ ይተዉታል። ‹በእንግሊዝኛ ክፍል ጊዜው ወደ ኋላ ይሄዳል ተብለናል› ይሉኛል። እኔም ሳርም የማመነታባቸው አሉ። በአማርኛ የግሡ ጊዜና ጊዜ አመልካች ቃላቱ በምን ሥርዓት ነው የሚለወጡት? ልምምዱንስ እንዴት ባወጣው ይሻላል?»
መምህርት ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጤና ይስጥልን መምህርት። ልጆቹ ያመጡት ሕግ በመጣበት ቋንቋ ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ ዘጋቢው በኃላፊ ጊዜ ከጀመረ፣ ተናጋሪው በአሁን ጊዜ የተናገረው ወደ ኃላፊ ይገፋል፤ በኃላፊ የተናገረው ደግሞ ከዚያ ወደራቀ ኃላፊ ያፈገፍጋል። አማርኛ እንዲህ አያደርግም። በአማርኛ ንግግሩ ያለፈ መሆኑን የሚያመለክተው መጨረሻ ላይ የሚመጣው «ተናገረ»፣ «ነገረችው»፣ «ጠየቁት» የሚለው ግሥ ነው፤ ለመግባባት እንዲመቸን ዘጋቢ ግሥ እንበለው። ከእሱ ቀድሞ የሚመጣው ግሥ የሚለካው ዘጋቢው ከሚጽፍበት ቀን ተነሥቶ አይደለም፤ ተናጋሪው አፉን ከከፈተበት ቅጽበት ተነሥቶ ነው። ያን ጊዜ ያለቀ ነገር እንዳለቀ ይዘገባል፤ ያን ጊዜ ገና የነበረው ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ዓመት ቢያልፈውም እንደ ገና ሆኖ ይዘገባል።

አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ዳዊት «ራሴን ያመኛል» አለ እንበል። ኢቀጥተኛው «ዳዊት ራሱን እንደሚያመው ተናገረ» ነው። ተማሪዎ «ራሱን ያመው እንደነበር ተናገረ» ብሎ ቢጽፍ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ጥሩ አማርኛ ነው፤ ስሕተቱ ከአራሚ ዓይን የሚያመልጠውም ለዚህ ነው። ችግሩ የሌላ ንግግር ዘገባ መሆኑ ላይ ነው። ያ ዘገባ የሚስማማው ዳዊት «ራሴን ያመኝ ነበር» ብሎ ከሆነ፣ ማለትም ሲናገር ሕመሙ ትቶት ከሆነ ነው። አንዱ ዳዊት መድኃኒት ይፈልጋል፣ ሌላው አይፈልግም።

ከዚህ ለክፍል የሚሆን ማረጋገጫ ይወጣል። ተማሪው መልሱን ከጻፈ በኋላ የመጀመሪያውን ምልልስ ይሸፍነውና የራሱን መልስ ብቻ እያየ ወደ ቀጥተኛ ንግግር ይመልሰው። የመለሰው ከተሸፈነው ጋር አንድ ከሆነ ደኅና ነው። «ነበር» የሚል ቃል ተመልሶ ከመጣና መጀመሪያው ላይ ከሌለ፣ ያ «ነበር» ከእንግሊዝኛው ክፍል የመጣ ትርፍ ነው። አስተማሪ ሳይነግረው ተማሪው ራሱ የሚያገኘው ስሕተት ስለሆነ ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይልቅ ይህን መልሶ የማዞር ሥራ እንመርጣለን።

እንግዲህ ግሡ ጊዜውን ካልቀየረ ምኑን ይቀይራል? ቅርጹን። ሲነገር ያላለቀው «እንደሚ» ይዞ ይመጣል፦ «እመጣለሁ» እንደሚመጣ፣ «አልመጣም» እንደማይመጣ ይሆናል። «በየቀኑ እመጣለሁ» የሚለው የልማድ ንግግርም በዚያው ቅርጽ ያልፋል። ሲነገር ያለቀው «እንደ» ብቻ ይበቃዋል፦ «መጣሁ» እንደመጣ፣ «አልመጣሁም» እንዳልመጣ። እዚህ ላይ አንድ የሚጠፋ ነገር አለ። «መጣሁ» እና «መጥቻለሁ» ሲዘገቡ ሁለቱም እንደመጣ ሆነው ይቀራሉ፤ ልዩነታቸውን የሚሸከም ቅርጽ የለም። ተማሪዎች ይህ ጉድለት ሲሰማቸው «መጥቶ እንደነበር» በማለት ሊያድኑት ይሞክራሉ፤ ያ ግን ለ«መጥቼ ነበር» የተያዘ ቦታ ስለሆነ ሰውዬውን መጥቶ የተመለሰ ያስመስለዋል። ጉድለቱን መቀበል ይሻላል። «ነው» እንደሆነ ወይም መሆኑን፣ «አለኝ» እንዳለው፣ «የለኝም» እንደሌለው ይሆናል፤ እነዚህ ብዙ አያስቸግሩም።

«መምጣቱን»፣ «መሄዱን» የሚለው አዘጋገብ ጋዜጣ ላይ ስለሚበዛ ልጆቹ ይወዱታል። ላለቀ ነገር ጥሩ ነው፤ «ሄድኩ» ያለው ሰው መሄዱን ተናገረ ይባላል። «እሄዳለሁ» ያለውን ሰው ግን መሄዱን ተናገረ ማለት ከመንቀሳቀሱ በፊት ማድረስ ነው። ለመጪው እንደሚሄድ ይባል፣ «ልሄድ ነው» ካለም ሊሄድ መሆኑን።

ወደ ጊዜ አመልካቾቹ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ግሡ የተናጋሪውን ቅጽበት ሙጥኝ ሲል፣ «ዛሬ»፣ «ነገ»፣ «ትናንት»፣ «አሁን»፣ «እዚህ» የሚሉት ቃላት ቃሉን አሁን የሚያወጣውን ሰው ይከተላሉ። በዘገባ ውስጥ ቃሉን የሚያወጣው ዘጋቢው ነው። ስለዚህ ዘጋቢው «ነገ» ካለ የራሱ ነገ ይሆናል። ልጆቹ የሚቀየረውን ትተው የማይቀየረውን የሚቀይሩት ይህን የሁለት መልሕቅ ነገር ማንም ለይቶ ስላላሳያቸው ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ልዩነቱ አይታይም።

ይህ ማለት ደግሞ ዘጋቢው መቼ እንደሚዘግብ ካልታወቀ ለ«ነገ» ትክክለኛ መልስ የለውም። ብዙ የመልመጃ ወረቀቶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ምልልሱን ያስቀምጣሉ፣ «ወደ ኢቀጥተኛ ቀይሩ» ይላሉ፣ ዘጋቢው የቱ ቀን ላይ እንደቆመ ግን አይናገሩም። «ነገ»ን እንዳለ የተወ ተማሪ በዚያው ቀን ማታ እየዘገበ ነው ብሎ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ አልተሳሳተም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ልምምድ አናት ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ንግግሩ የተደረገበት ቀንና ቦታ፣ ዘገባው የሚጻፍበት ቀንና ቦታ። ማን እንደሚዘግብም ቢታከል መልካም ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

አሁን አንድ ምልልስ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ንግግሩ የተደረገው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዘገባውን የሚጽፈው በቦታው የነበረ ሌላ ተማሪ ሲሆን፣ የሚጽፈው በተከታዩ ሳምንት ሰኞ ቤቱ ሆኖ ነው።

ወይዘሮ አስቴር፦ «ዳዊት፣ ትናንት የወሰድከውን መጽሐፍ አምጥተሃል?»
ዳዊት፦ «አላመጣሁትም። እህቴ እያነበበችው ነው። ነገ ጠዋት አመጣዋለሁ።»
ወይዘሮ አስቴር፦ «ለምንድን ነው ለእህትህ የሰጠሃት? መጽሐፉ ከዚህ ግቢ መውጣት የለበትም።»
ዳዊት፦ «አላውቅም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»
ወይዘሮ አስቴር፦ «እሺ። ነገ ሳትረሳ አምጣው። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርግ።»

ዘገባው ከመጀመሩ በፊት ማሰሪያ ቀን ያስፈልገዋል፤ «ማክሰኞ ዕለት» የሚል። «በማግስቱ» የሚለው ቃል የቱ ቀን ማግስት እንደሆነ ካልተባለ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ብዙ ተማሪዎች «ነገ»ን በትክክል «በማግስቱ» ብለው ቀይረው ቀኑን የትም ስለማይጠቅሱ አንባቢው ግራ ይጋባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ አዎ ወይም አይ የሚያስመልስ ነው። ያለቀ ነገርን ስለሚጠይቅ «አምጥቶ እንደሆነ ጠየቁት» ይሆናል። «ታመጣለህ?» ቢባል ኖሮ «ያመጣ እንደሆነ» እንል ነበር። ጋዜጠኞች «ማምጣት አለማምጣቱን ጠየቁት» ይላሉ፤ እሱም ያስኬዳል፣ ትንሽ የቢሮ ሽታ ቢኖረውም። የጥያቄ ምልክቱ ይወድቃል፤ የተዘገበ ጥያቄ አራት ነጥብ ላይ ያልቃል። «የወሰድከውን» የሚለው በመሐል የተሸሸገ ግሥም «የወሰደውን» መሆን አለበት። ተማሪዎች የመጨረሻውን ግሥ አስተካክለው ይህን የመሐሉን ይረሱታል።

«ትናንት» አስቸጋሪው ነው። ለ«ነገ» በማግስቱ የሚል የተዘጋጀ ቃል አለን፤ ለ«ትናንት» ግን እንዲህ አጭርና ምቹ ቃል አናገኝም። «በዋዜማው» የሚሉ አሉ፤ ዋዜማ ግን ለበዓልና ለታላቅ ቀን የሚስማማ ቃል ነው፤ መጽሐፍ የተዋሰበትን ሰኞ ዋዜማ ማለት ያስቃል። «ከዚያ በፊት በነበረው ቀን» ትክክል ነው፣ ይረዝማል እንጂ። እኛ የምንመክረው ቀኑን በስሙ መጥራት ነው። ንግግሩ ማክሰኞ ከሆነ ትናንቱ ሰኞ ነው፤ ነገር ግን ዘገባውም የሚጻፈው ሰኞ ስለሆነ «በዚያው ሳምንት ሰኞ» ብለን እንለየዋለን። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይወጣል፦

ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ አስቴር ዳዊትን በዚያው ሳምንት ሰኞ የወሰደውን መጽሐፍ አምጥቶ እንደሆነ ጠየቁት።

ዳዊት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሯል። ሦስት ጊዜ «ነገራቸው» ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ዘጋቢ ግሥ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ያስራል፣ እያንዳንዱ ግን የራሱን «እንደ» መያዝ አለበት፦

ዳዊትም መጽሐፉን እንዳላመጣው፣ እህቱ እያነበበችው እንደሆነና በማግስቱ ጠዋት እንደሚያመጣው ነገራቸው።

የክፍልዎ ልጆች «እያነበበችው እንደነበር» የሚሉት እዚህ ላይ መሆን አለበት። መልሰን ስናዞረው «እህቴ እያነበበችው ነበር» ይሆናል፤ አንብባ ትታዋለች ማለት ነው። እንግዲያው ዳዊት ለምን አላመጣውም? ሰበቡ ሰበብ መሆኑ ይቀርና ወይዘሮ አስቴር የሚቆጡበት ሌላ ምክንያት ይፈጠራል። «ነገ ጠዋት» እንዳለ ቢቀር ደግሞ ሰኞ ዕለት ዘገባውን የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ማክሰኞ ይጠብቃል፤ ዳዊት ቃል የገባው ግን ላለፈው ረቡዕ ነበር። «እንደሚያመጣው» ግን አይነካም። ረቡዕ አልፎ ሰኞ ብንደርስም፣ መጽሐፉ ቢመጣም ባይመጣም፣ ዳዊት ሲናገር ገና ያልመጣ ነበርና።

ቀጣዩ ጥያቄ «ለምን» የሚል መጠየቂያ ቃል አለው፤ እንዲህ ያለው «እንደሆነ» አይፈልግም፣ መጠየቂያ ቃሉ ራሱ ያገናኘዋል። አንድ ነገር ግን መፈታት አለበት። በንግግር «ለምንድን ነው የሰጠሃት» እንላለን፤ ሲዘገብ «ነው» ይወድቅና «የ» በ«እንደ» ይተካል፦ ለምን እንደሰጣት። «ማን ነው የወሰደው?» ማን እንደወሰደው፣ «የት ነው ያለኸው?» የት እንዳለ ይሆናል። «ለምንድን ነው እንደሰጣት ጠየቁት» የሚል የተቀላቀለ መልስ ካዩ፣ ተማሪው «እንደ»ን ጨመረ እንጂ «ነው»ን አልጣለም።

ለምን ለእህቱ እንደሰጣትም ጠየቁትና መጽሐፉ ከዚያ ግቢ መውጣት እንደሌለበት አስረዱት።

«ከዚህ ግቢ» ከዚያ ግቢ የሆነው ዘጋቢው ቤቱ ሆኖ ስለሚጽፍ ነው። እዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቢጽፍ «ከዚህ» ይቆይ ነበር። የ«መጣ» እና የ«ሄደ» ነገርም እንደዚሁ ነው፦ «ወደ ቤቴ ና» የተባለውን ሰው ታሪክ ከሩቅ የሚዘግብ ሰው «ወደ ቤታቸው እንዲሄድ ነገሩት» ይላል፤ «እንዲመጣ» ካለ አንባቢው ዘጋቢውም እዚያው ቤት ያለ ይመስለዋል።

አሁን «ነበር» በመብቱ የሚገባበት ቦታ ደረስን። ዳዊት ራሱ «አላውቅም ነበር» ብሏል። እስከዚያች ደቂቃ አያውቅም ነበር፣ አሁን አወቀ። ስለዚህ «ነበር»ን መጣል እዚህ ስሕተት ይሆናል፤ «እንደማያውቅ ነገራቸው» ካልን አሁንም አላወቀም ማለት ነው፣ ደንቡን ከነገሩት በኋላ ይህ ትዕቢት ይመስላል። ልምምድ ሲያወጡ አንድ እንዲህ ያለ የእውነት «ነበር» መሐል ላይ ይሰንቅሩ፤ አለበለዚያ ልጆቹ «ነበር ክልክል ነው» የሚል አዲስ የተሳሳተ ሕግ ይዘው ይወጣሉ።

ዳዊትም ይህን ያውቅ እንዳልነበር ገልጾ ይቅርታ እንዲያደርጉለት ለመናቸው።

የመጨረሻው ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ «እንደሚ» አይወስድም፣ «እንዲ» ነው የሚወስደው፤ ክልከላ ደግሞ «እንዳይ»። በትንሽ የፊደል ልዩነት ትርጉሙ ይዞራል፦ «እንደሚያመጣው ነገሩት» ሲባል አንድ ሰው ያመጣል የሚል ወሬ ሰማ፤ «እንዲያመጣው ነገሩት» ሲባል ታዘዘ። «ሳትረሳ» ሳይረሳ፣ «እንዲህ» እንደዚያ ይሆናል። «እሺ» የሚለውን ቃል ለመዘገብ ልጆቹ ይጨነቃሉ፤ «እሺ እንዳሉ» ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ያሉ ቃላት የሚዘገቡት በሚሠሩት ሥራ ነው። «እሺ» ተስማሙ ነው፣ «ይቅርታ» ይቅርታ ጠየቀ ነው፣ «እንደምን አደርክ» ሰላምታ ሰጡት ነው።

ወይዘሮ አስቴርም ተስማምተው በማግስቱ ሳይረሳ እንዲያመጣው አሳሰቡት፤ ዳግመኛ እንደዚያ እንዳያደርግም አስጠነቀቁት።

ዘጋቢ ግሦቹን ያስተውሏቸው፦ ጠየቁት፣ ነገራቸው፣ አስረዱት፣ ለመናቸው፣ አሳሰቡት፣ አስጠነቀቁት። አንድም «አለ» የለም። «እንደሚያመጣው አለ» በአማርኛ አይቆምም፤ «አለ» የሚፈልገው ቃል በቃል የተጠቀሰ ንግግር ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ከ«ነበር»ም በላይ የሚደበቅ ስሕተት አለ። ተማሪው ትእምርተ ጥቅሱን ያነሣና «ነገ ጠዋት አመጣዋለሁ ብሎ ነገራቸው» ብሎ ይጽፋል። ጥቅሱ ስለሌለ የተቀየረ ይመስላል፣ ግን «አመጣዋለሁ» የሚለው አሁንም ዳዊት ራሱ የሚናገረው ነው። «ብሎ» ካለ ቀጥተኛ ንግግር ነው፤ ምልክቱ ቢኖርም ባይኖርም። ይህን የሚጽፍ ልጅ አማርኛው ጥሩ ነው፣ እንዲያውም በዕለት ንግግር ከኢቀጥተኛው ይልቅ የሚበዛው ይኸው ነው፤ የታዘዘውን ብቻ አልሠራም።

አሁን ዘጋቢውን እንለውጠው። ያው ዳዊት ያንኑ ማክሰኞ ማታ ለእናቱ ይንገር፦ «ወይዘሮ አስቴር ትናንት የወሰድኩትን መጽሐፍ አምጥቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም እንዳላመጣሁት፣ እህቴ እያነበበችው እንደሆነና ነገ ጠዋት እንደማመጣው ነገርኳቸው።» «ትናንት» እና «ነገ» አልተነኩም፣ ቀኑ ያው ነውና። ረቡዕ ከሰዓት ቢናገር ደግሞ «ትናንት» ከትናንት በስቲያ፣ «ነገ ጠዋት» ዛሬ ጠዋት ይሆኑና «ዛሬ ጠዋት እንደማመጣው ነግሬያቸው ነበር» ይላል። እዚህ የመጣው «ነበር» የት እንደተቀመጠ ይመልከቱ፤ ዘጋቢው ግሥ ላይ ነው፣ ከ«እንደማመጣው» ጋር አይደለም። ዘጋቢው ሲለወጥ ባለቤቱን የሚያሳየው የግሡ ክፍል ተቀየረ፤ ያለቀና ያላለቀ መሆኑ ግን በሦስቱም ዘገባ አንድም ጊዜ አልተቀየረም። አንድን ምልልስ ለሦስት ቡድን ሰጥቶ፣ አንዱን በማክሰኞ ማታ፣ አንዱን በረቡዕ፣ አንዱን በሚቀጥለው ሰኞ እንዲዘግቡ ማድረግና ሦስቱን መልስ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ለዚህ ትምህርት የምናውቀው ምርጥ ልምምድ ነው።

ባለቤት ሲቀየር የሚገጥሙ ሁለት አሻሚ ቅርጾችን ግን አስቀድመው ይወቋቸው፤ ተማሪ ከጠየቀዎ መልሱ እጅዎ ላይ እንዲሆን። አንደኛው «እንደምትመጣ» ነው፤ አንተም እሷም ሊሆን ይችላል። «ሰናይት እንደምትመጣ ነገረችኝ» የሚለው ሰናይት ራሷ ትመጣለች ይሁን ወይስ ሰሚው ይመጣል፣ ከዓረፍተ ነገሩ አይታወቅም፤ «እሷ ራሷ እንደምትመጣ» ወይም «አንተ እንደምትመጣ» ብሎ ማጥራት ያስፈልጋል። ሁለተኛው በ«አ» የሚጀምሩ ግሦች ላይ ይመጣል። ዳዊት ትእዛዙን ሲዘግብ «እንዳመጣው አሳሰቡኝ» ይላል፤ ይኸው «እንዳመጣው» በጽሑፍ «እሱ እንዳመጣው» ከሚለው ጋር አንድ መልክ አለው። «እንዳመጣው ነገሩኝ» ብቻ ከተጻፈ ታዘዘ ወይስ ወሬ ሰማ አይለይም። መፍትሔው ዘጋቢው ግሥ ነው፤ «አሳሰቡኝ» ወይም «አዘዙኝ» ሲባል ትእዛዝ መሆኑ ይታወቃል። «ነገረ» ለሁሉም ስለሚሠራ አሻሚነቱን አያነሣም፤ ልጆቹን ከ«ነገረ» ውጭ ያለ ግሥ እንዲፈልጉ የምናስገድዳቸው ለማሳመር ብቻ አይደለም።

አክብሮቱም ይታሰብ። «አመጣዋለሁ» የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ ቃሉ አያሳይም። ሲዘገብ ግን እንደሚያመጣው፣ እንደምታመጣው ወይም እንደሚያመጡት መባል ስላለበት ዘጋቢው መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በልምምዱ ውስጥ ተናጋሪዎቹን «ሀ» እና «ለ» ብለው አያስቀምጧቸው፤ ተማሪው ጾታቸውንም ማዕረጋቸውንም ሊያውቅ አይችልም። ስምና ማዕረግ ይስጧቸው፤ ከሁለቱ አንዱ የሚከበር ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱም ወንዶችና እኩዮች ከሆኑ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ «ከበደ ለአበበ መጽሐፉን እንደወሰደ ነገረው»፣ ማን ወሰደ? እዚያ ላይ ስሙን ደግሞ መጥራት ነውር አይደለም።

ሲያርሙ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አራት ነገር ለይተው ነጥብ ይስጡ፦ ባለቤቱ በሁሉም ግሥ ላይ ተቀይሯል ወይ፣ ግሡ የተናጋሪውን ጊዜ ጠብቋል ወይ፣ ጊዜና ቦታ አመልካቹ ከዘጋቢው ቀንና ቦታ ጋር ይስማማል ወይ፣ ዘጋቢው ግሥ ለንግግሩ ዓይነት ይሆናል ወይ። አንድ ተማሪ በሁሉም ዓረፍተ ነገር «እንደነበር» ከጨመረ ስሕተቱ አንድ ነው፤ አንድ ጊዜ ይቀንሱና ከጎኑ «መልሰህ አዙረው» ብለው ይጻፉለት። «በማግስቱ» ያለውና «በማግስቱ ረቡዕ» ያለው፣ «አምጥቶ እንደሆነ» ያለውና «ማምጣት አለማምጣቱን» ያለው እኩል ነጥብ ያግኙ። «ሰኞ ዕለት» ብቻ ብሎ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ያላጠራው ግን በዚህ ምልልስ ግማሽ ነጥብ ይጎድልበት፤ ዘገባው የሚጻፍበት ቀንም ሰኞ ነውና።